የማያሳክከው ሹራብ

ቀለበቷን አውልቃ ከቧንቧው በላይ ባለው ምስማር ላይ ትሰቅላለች። አሥሩንም ጥፍሮቿን በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች ትፈትሻለች። የሻከረ ካገኘች ከሽርጧ ኪስ ሞረድ አውጥታ ታለሳልሰዋለች፤ አንድ የተሰነጠቀ ጥፍር አንድ ክር ይመዛል፣ አንድ የተመዘዘ ክር ደግሞ ደረቱን በሙሉ ያበላሻል። ሹራቡን ቡናማ ወረቀት ላይ ዘርግታ ዙሪያውን በእርሳስ ትነድፋለች። ትከሻ፣ ብብት፣ እጅጌ፣ ጫፍ። ከዚያ ይገለበጣል፣ ውስጡ ወደ ውጭ።

ውኃው ሳፋ ውስጥ ነው። የእጇን አንጓ ትነክርበታለች፤ ካልቀዘቀዛት፣ ካልሞቃትም፣ ልክ ነው። የሕፃን ሻምፑ ጠብ ታደርግበትና ትበጠብጠዋለች። ሹራቡን ታሰምጠዋለች፣ በመዳፏ ትጫነዋለች፣ ትለቀዋለች፤ ትጫነዋለች፣ ትለቀዋለች። አታሸውም። አትጠመዝዘውም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት መዳፏን ከሥር ሰድዳ በሙሉ ታነሳዋለች፤ የረጠበ ሱፍ የራሱን ክብደት አይችልም፣ በትከሻው ቢያነሱት እጅጌው ጉልበት ይደርሳል። የምታለቀልቅበትም ውኃ ያው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፣ አይበርድም አይሞቅም። በፎጣ ትጠቀልለውና በክንዷ ትደገፍበታለች። ድሮ በጉልበቷ ነበር የምትጫነው፤ አሁን ጉልበቷ እምቢ ብሏል። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ መልሳ ታስተኛውና የእርሳሱ መስመር ላይ እስኪደርስ በጣቷ ጫፍ ትገፋዋለች፣ ትስበዋለች።

በላውንደሪው የኋላ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሁሉም «ቀስ በይ» ነው የሚሏት። ለአዲስ ገቢ ሠራተኛ፣ ለልብስ ተኳሿ፣ ደረጃ ስትወጣም ለራሷ፣ ሌላ ቃል የላትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከታናሽ እህቷ ጋር ሁለት ክፍል ይጋራሉ። ማታ ቤት ስትገባ እህቷ «ዛሬስ ማንን አጠብሽ?» ትላታለች፤ «ምን?» ሳይሆን «ማንን?»። እውነትም ቀስ በይ ልብሱን እንጂ ሰውየውን አታውቅም፤ ሹራቡ ግን ስለ ሰውየው ይናገራል። ክርኑ የሳሳ፣ ጠረጴዛ ላይ ይውላል። ብብቱ በፍትጊያ የጓጎለ፣ ቦርሳ ያንጠለጥላል።

ክፍሉ መስኮት አለው ግን ወደ ግድግዳ ነው የሚያየው። ሁለት ሳፋ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ የወረቀት ጥቅል። በሩ ማዶ ማሽኖቹ ይጮኻሉ። እነሱን የሚያንቀሳቅሰው ማሽነኛ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ቀድሞ የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ አሁንም የማሽኑን በር ሲዘጋ «ተሳፍራችኋል? ወራጅ የለም!» ይላል። ቀልዱ አርጅቷል፣ እሱም ያውቀዋል፣ ግን አይተወውም።

ነገሩ የመጣው በዚህ ሰው እጅ ነው። ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም፤ ይህን ደግማ ደጋግማ ተናግራለች።

ከዓመታት በፊት፣ ገና ማሽን ላይ ሲመደብ፣ በየደቂቃው ልብስ ተሸክሞ እየመጣ «ይሄስ ሱፍ ነው? ይሄስ?» እያለ ያደርቃት ነበር። ብዙ ልብስ ምልክቱ ታጥቦ ጠፍቷል፣ ወይም ተቆርጧል። ቀስ በይ ያን ቀን ወገቧ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር፣ ቀናም ሳትል መለሰችለት፦

«አንገትህ ላይ አሸው። ካሳከከህ ሱፍ ነው፣ ለእኔ አምጣው። ካላሳከከህ ጥጥ ነው ወይ ሰው ሠራሽ ነው፣ ማሽን ውስጥ ክተተው። በቃ። አትመላለስብኝ።»

«አንገቴ ምርመራ ሊከፍት ነዋ!» አለና ሄደ።

ሕጉ ሠራ። ለእነሱ ሰፈር ደንበኛ በቂ ነበር። የሚመጣው ሱፍ ተራ የበግ ሱፍ ነው፦ የጥበቃ ሹራብ፣ የተማሪ ሹራብ፣ አያት የሠራችው ወፍራም ሹራብ። የተራ ሱፍ ክር ወፍራም ነው፣ ጫፉ ቆዳ ሲነካው አይታጠፍም፣ ይወጋል። ማሳከክ ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ አንገት አይዋሽም ተባለ፣ ሰባት ዓመትም ሳይዋሽ ቆየ።

ካሽሜር ግን በግ አይደለም። ቀዝቃዛ አገር ያለች ፍየል ከሻካራው ፀጉሯ ሥር ለክረምት የምታበቅለው ለስላሳ ፀጉር ነው፤ ክረምቱ ሲያልፍ ሲረግፍ በማበጠሪያ ይሰበስቡታል። ከአንዲት ፍየል የሚገኘው አንድ እፍኝ ቢሆን ነው። ክሩ በጣም ቀጭን በመሆኑ ቆዳ ሲነካው ይታጠፋል እንጂ አይወጋም። በቀጫጭኖቹ ክሮች መሐል ብዙ አየር ይታሰራል፣ የሚያሞቀውም ያ አየር ነው፤ ለዚህ ነው እንደ መሐረብ የቀለለው ሹራብ ጥቅጥቅ ያለውን የጥበቃ ሹራብ በሙቀት የሚስተካከለው። ዕዳው ደግሞ ከዚያው ይመጣል። ቀጭን ክር ቶሎ ይበጠሳል፣ በፍትጊያ ይጓጉላል፣ ብል ይወደዋል። ሙቅ ውኃና መገለባበጥ የትኛውንም ሱፍ ይጨብጠዋል፣ ክሩን እርስ በርሱ አጣብቆ ያሳንሰዋል፤ ተራው ቢጨበጥ ግን ወፍራም ነበር፣ ይበልጥ ወፍራም ይሆናል። ካሽሜሩ ግን ካሽሜር መሆኑ ይቀራል።

ማክሰኞ ጠዋት ቀስ በይ ጉልበቷን ልታሳይ ሐኪም ቤት ሄደች። በዚያው ጠዋት አንዲት አስተማሪ የአባቷን ልብስ በፌስታል አምጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ ክፍል ሊያመልጣት ነበር፣ «የአባባ ናቸው፣ ከሰዓት እወስዳቸዋለሁ» ብላ ወጣች። ሁለት ፒጃማ፣ አንድ አንሶላ፣ አንድ ስስ ግራጫ ሹራብ። የሹራቡ ምልክት ከአንገቱ ሥር ተቆርጧል። ማሽነኛው አንገቱ ላይ አሸው። ምንም። ጉንጩም ላይ አሸው፣ ስላማረው። «እንዴት ያለ ሰው ሠራሽ ነው ባክህ» አለ ለራሱ፣ ከፒጃማዎቹ ጋር ከተተው፣ ዱቄት ሳሙና ጨመረ፣ ሙቅ ላይ አዞረው።

ቀስ በይ ስትመለስ ማሽነኛው በሯ ላይ ቆሞ ጠበቃት። አልቀለደም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላሳይሽና ልሰደብ።»

ሹራቡን ዘረጋላት። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚሆን ነገር ነው። ተቀበለችው፣ በሁለት ጣቷ ፈተገችው፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው። የሹራቡ የክር ዓይን ጠፍቷል። ክሩ ከክሩ ጋር ተያይዞ እንደ ባርኔጣ ጨርቅ ጠጥሯል። ብብቱ ሥር፣ እጥፋት ውስጥ፣ አንዲት ጣት የምታህል ቦታ ግን አሁንም እንደ ድሮው ነበረች። እዚያ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ካሽሜር ነው።»

«አንገቴ ላይ አሽቼዋለሁ እኮ! በእናቴ ሞት! ምንም አላሳከከኝም!»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ ነሽ ያልሽኝ፣ ካላሳከከህ —»

«እኔ ነኝ ያልኩህ። አውቃለሁ አልኩህ እኮ። ተቀመጥ።»

«የት ልቀመጥ? ወንበሩ አንድ ነው።»

«እንግዲያው ቁም።»

አሠሪው ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ ሃያ ዓመት ከደንበኛ ጋር የተጨቃጨቀ ሰው የሚሆነውን ነው የሆነው። ሹራቡን አየ፣ ምልክቱ የተቆረጠበትን አንገቱን አየ፣ ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ።

«ምልክት የለውም» አለ። «ደረሰኙ ጀርባ ላይ ተጽፏል፣ ምልክት ለሌለው ልብስ ኃላፊነት አንወስድም። እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው ማለትም ይቻላል።»

«እንዲህ ሆኖ የመጣ ሹራብ ማን ይለብሳል? ድመት?» አለች ቀስ በይ።

«እትዬ፣ አትፈላሰፊብኝ።»

«አልተፈላሰፍኩም። ደክሞኛል። ውሸት ደግሞ ማስታወስ ይጠይቃል፣ እኔ አቅሙ የለኝም። ስትመጣ ወደ እኔ ላካት።»

አስተማሪዋ ከሰዓት በኋላ መጣች። ቀስ በይ የሆነውን ነገረቻት፦ ሹራቡን ያበላሸው ማሽኑ እንደሆነ፣ ወደ ማሽን የላከው ሕግ የእሷ እንደሆነ፣ ወደ ድሮው እንደማይመለስ። አስተማሪዋ አልጮኸችም። ሹራቡን ይዛ እጅጌውን ለካች፣ በስንዝር፣ ሁለት ጊዜ።

«ሐሙስ ዲያሊሲስ አለው» አለች።

ቀስ በይ ወንበሯን ወደ እሷ ገፋችላት።

«በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት። ደሙ ወጥቶ በማሽኑ ዞሮ ሲመለስ ይበርደዋል፣ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ብርድ ልብስ ይሰጡታል፣ ግን ቆዳው… ኩላሊቱ ነው፣ ሁልጊዜ ያሳክከዋል። ሱፍ የሚባል ነገር ካስነኩት እስኪደማ ያክካል። ምልክቱን ራሱ ነው በምላጭ የቆረጠው፣ ትንሿ ጨርቅ እንኳ አላስቀምጥ ብላው። የሚችለው ይሄን ብቻ ነበር። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ያመጣለት ነው።»

«ለምን አልነገርሽንም?» አለ አሠሪው ከበሩ ላይ።

«ማን ጠየቀኝ?»

 አሠሪው ሳይነገረው ሄዶ ከመደርደሪያው አንድ አዲስ የሚመስል ሹራብ አመጣ፤ ባለቤቱ ትቶት ዓመት ያለፈው፣ ወፍራም፣ ጥሩ የበግ ሱፍ። «ይሄ ይሙቃቸው» አለ። ከልቡ ነበር። ቀስ በይ ተቀብላ በመዳፏ መዘነችው። ዕድሜ ልክ የሚለበስ ዕቃ ነው፤ ቢጎትቱት አይሰጥም፣ ክርኑ በአሥር ዓመት አይሳሳም። ለጤነኛ ሰው ከካሽሜሩ ይሻለዋል። መልሳ ሰጠችው።

«ከሥሩ የጥጥ ሸሚዝ ቢለብሱበትስ?» አለ።

«አንገቱና አንጓው ከሸሚዙ ይወጣል፣ እዚያ ይበላቸዋል» አለች። «ደግሞ ይከብዳል። ለታመመ ሰው ልብስ መክበድ የለበትም።» ወደ አስተማሪዋ ዞረች። «የአባትሽን አንድ ሸሚዝ ዛሬውኑ አምጪልኝ፣ ልካቸውን አላውቅም። ቃል አልገባም። ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ነይ።»

የቀረውን የማክሰኞ ሰዓት ሳፋው ላይ ዋለች። የፀጉር ማለስለሻ ለብ ባለ ውኃ በጥብጣ ሹራቡን ዘፈዘፈችው፤ ማለስለሻው ክሮቹን ያሟልጫቸዋል፣ የተያያዙት ትንሽ ይላቀቃሉ። ከዚያ እርጥቡን ልጅቷ ባመጣችው ሸሚዝ ላይ አስተኝታ ከመሐል ወደ ዳር በጣቷ ስትዘረጋው፣ ወደ ራሱ ሲሰበሰብ፣ እንደገና ስትዘረጋው አመሸች። ዳርና ዳሩን በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ረቡዕ ጠዋት ሲደርቅ ደረቱ አራት ጣት ሰፍቷል። ሌላ አራት ይቀረዋል። እጅጌው ጭራሽ አልሰማም።

እንደገና ዘፈዘፈችው። ሁለት ጣት ጨመረ። ከዚያ በኋላ ምንም።

«ይበቃዋል» አለ ማሽነኛው። የሻይ ብርጭቆ አጠገቧ አኖረ። «አንቺም ይበቃሻል።»

«እጅጌው ጠቦ ይቀራል።»

«ጠባብ እጅጌ ለብሶ የሞተ የለም።»

«የግራ ክንዳቸው የመርፌው ነው። ልጅቷ ነግራኛለች። ደም ሥሩ በኦፕራሲዮን ተሠርቶላቸዋል፣ ምንም ነገር እንዳይጨቁነው ተብለዋል። የሰዓት ማሰሪያ እንኳ አያስሩበትም።»

ማሽነኛው ሹራቡን አየ፣ እሷን አየ። «በይ እንግዲህ ክንዱን ትተሽ ደረቱን ስጫቸው።»

ሊያጽናናት ብቻ ነበር የተናገረው። ቀስ በይ ግን ሻዩን ሳትነካ መቀሱን ፈለገች።

ሹራብ አይቆረጥም፣ ይህን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ አንድ ቦታ ከቆረጡት ዓይኑ እየተፈታ እስከ ትከሻ ይተረተራል። የተጨበጠ ሱፍ ግን ሹራብ መሆኑ አብቅቷል። ክሩ ከክሩ ተጣብቋል፣ የሚፈታ ዓይን የለም። ከታችኛው ጫፍ ውስጥ በኩል አንዲት ስንጥቅ ሞከረች። በጥፍሯ ሳበችው። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አልተፈታም።

«ቀስ በይ» አለች ለራሷ።

ግራ እጅጌውን ከአንጓው እስከ ትከሻው ድረስ ሰነጠቀችው። የአንገቱን ጠባብ ጥርዝ ቆርጣ ጣለችው። ደረቱን ከፊት ለፊት ከላይ እስከ ታች ከፈለችው። ማሽነኛው ፊቱን አዞረ፣ በግ የሚታረድ ይመስል። ከዚያ ከአሮጌ የጥጥ አንሶላ ሰፋ ያለ ጥብጣብ ቆርጣ በተከፈለው ደረት ግራና ቀኝ ቀጠለች፤ የጎደሉት ሁለት ጣቶች በዚያ ተሞሉ። እጅጌው ላይ አራት ማሰሪያ ሰፋች፣ ላላ ብለው የሚታሰሩ፣ በአንድ እጅ የሚፈቱ። ስፌቱን ሁሉ በውጭ በኩል አደረገችው፤ ቆንጆ አይደለም፣ ግን ቆዳ አይነካም። የቀኙን እጅጌ ክርኑ ላይ አሳጠረችው፣ እዚያ ድረስ ነበር የሚገባው።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ አስተማሪዋ ከአባቷ ጋር መጣች። ቀስ በይ ሽማግሌውን አልጠበቀችም። ረጅም ሰው ናቸው፣ ካፖርታቸው ትከሻቸው ላይ ቀርቷል፣ በውስጡ እሳቸው ቀንሰዋል። አንዲቷን ወንበር ሰጠቻቸው።

«አባባ፣ ያበላሸሁብዎት እኔ ነኝ።»

«ልጄ ነግራኛለች። እሷ ሌላ ሰው ነው ትላለች።»

«እሱ እኔ ያልኩትን ነው ያደረገው።»

«ልክ ነበርሽ እኮ፣ የእኔ ሹራብ ነው ሕግ ያፈረሰው።» ሳቁ፣ ሳላቸው አቋረጣቸው።

አለበሰቻቸው። የግራ ክንዳቸውን ሳትነካ ማሰሪያዎቹን ከላይ አላልታ አሰረችላቸው። የክንዳቸው ደም ሥር አብጦ፣ ከቆዳው ሥር ደሙ ሲርገበገብ ይታያል። እጃቸውን ወደ አንገታቸው ወሰዱ፣ ጠበቁ። ሁሉም ጠበቀ። አስተማሪዋ የአባቷን ጣቶች ነበር የምታየው።

«እንደ ድሮው አይደለም» አሉ።

«አይደለም።»

«ድሮ የለበስኩ አይመስለኝም ነበር። ይሄ ይሰማኛል። ትንሽ ይጠጥራል።» ትከሻቸውን አወዛወዙ። «ግን አይበላኝም። ይሞቃል።»

«አየሩ ቀንሷል፣ ግን ጥቅጥቅ ስላለ ንፋስ አያስገባም» አለች። «ከክርንዎ በታች ቀኙ ይበርድዎታል፣ እዚያ ፎጣ ይጠይቁ። ውሎ ሲያድር የተጨበጠው ጨርቅ ከጥብጣቡ ይላቀቅ ይሆናል፣ ያኔ አምጡት።»

«እስከዚያ እኔም መላቀቄ አይቀርም» አሉ ሽማግሌው። ልጃቸው «አባባ!» አለች። ታክሲያቸው ደጅ ላይ ጡሩምባ ነፋ።

ከሰዓት በኋላ አስተማሪዋ ደወለች። የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ተኝተዋል። ሦስተኛው ሰዓት ላይ በርዷቸዋል፣ እንደ ድሮው ባይሆንም። ነርሷ ማሰሪያውን ወዳዋለች፣ ሳታስወልቅ ክንዱን ታገኘዋለች። አስተማሪዋ «አመሰግናለሁ» አላለችም፣ «ይቅር» ብላለችም ለማለት አይቻልም። ይህን ብቻ ነግራ ዘጋች። ቀስ በይ ስልኩን ለአሠሪው መልሳ ወደ ሳፋዋ ገባች።

በዚያ ሳምንት የአንገት ሕግ ተሻረ። አሁን ማሽነኛው የሚያሳክከውንም፣ ከመጠን በላይ የሚለሰልሰውንም ያመጣል። የሚለሰልሰው ሁሉ ካሽሜር አይደለም፣ አብዛኛው ርካሽ ሰው ሠራሽ ነው፣ እሷ ግን እያንዳንዱን መስኮት ላይ ታየዋለች። ከጫፉ አንዲት ክር መዝዛ በእሳት ትለበልባለች፤ የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና በጣት ሲነካ ዱቄት ከሆነ ከእንስሳ ነው፣ ቀልጦ ከጠጠረ ፕላስቲክ ነው። ሥራው በእጥፍ ጨምሯል። ማታ እህቷ «ማንን አጠብሽ?» ስትላት አንዳንዴ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ይወስዳታል።

ስለ አንቺ እንጻፍ ስትባል «ምን ይጻፋል፣ ውኃ ነው» ብላ ነበር። በኋላ ግን እጇን በሽርጧ እየጠረገች አንድ ነገር ጻፉልኝ አለች፣ ለሚያነበው ሰው።

«ልብስ ስታመጡ ፌስታሉን ጥላችሁ አትሩጡ። ምኑ ውድ እንደሆነ አልጠየቅኳችሁም፣ ዋጋውን ተዉት። ማን እንደሚለብሰውና ሌላ ምን መልበስ እንደማይችል ንገሩኝ። ግማሽ ደቂቃ ነው። እባካችሁ፣ እኔን ካጣችሁኝ ለማሽነኛው ንገሩት።»